2075 ላይ ያሰመርኳት ቀጭን መስመር

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ቻርት ላይ ሳፖርትና ሬዚስታንስ እያሰመራችሁ የምታመሹ ሰዎች በዚህ ቻናል ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። እኔም አንዱ ነኝ። ይህን የምጽፈው አንዲት ቀጭን መስመር 280 ዶላር ስላስከፈለችኝ ነው። ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ደግሞ የእኔ ገንዘብ አልነበረም።

ቀኑ እ.ኤ.አ. ሜይ 4 ቀን 2023 ነው። ለሐሙስ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ። ከጥቂት ሰዓታት በፊት የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ጨምሮ ነበር፣ ወርቅም ሽቅብ እየሮጠ ነበር። እኔ XAUUSD ቻርቴ ላይ 2075 ዶላር ላይ አንድ ቀይ መስመር አለችኝ። ከየት አመጣኋት? ኦገስት 2020 ላይ ወርቅ እስከ 2075 አካባቢ ወጥቶ ወደቀ። ማርች 2022 ላይ ደግሞ 2070 ደርሶ ወደቀ። ስለዚህ ከፍተኛውን ጫፍ ወሰድኩና መስመሬን ልክ እዚያ ላይ አሰመርኩ። «እዚህ ሲደርስ ይመለሳል» አልኩ።

ትእዛዜን አስቀመጥኩ፦ 2075 ላይ ሽያጭ፣ ስቶፕ ሎስ 2078 ላይ፣ መጠን 0.10 ሎት። ይህ ማለት 10 አውንስ ነው። ሦስት ዶላር ቢሄድብኝ የማጣው 30 ዶላር ብቻ ነው። በጣም ቆንጆ ሂሳብ ይመስል ነበር። አካውንቴ ውስጥ 600 ዶላር ነበር። ከዚያ 400ው ዱባይ የምትሠራው ታላቅ እህቴ የላከችው ነው። «ከሚቀመጥ አንተ ጋር ይሥራ፣ ብቻ ተጠንቀቅ» ብላኝ ነበር።

ዋጋው ዘለለ። ትእዛዜ ተያዘ። ደቂቃ ሳይሞላ ስቶፕ ሎሴ ተመታ። 30 ዶላር ሄደ። እዚህ ላይ ብተኛ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ነገር ግን መስመሬ «ተሰብራለች»። መስመር ከተሰበረ ደግሞ ዋጋው ሽቅብ ይሄዳል ተብሎ ተምሬያለሁ። ስለዚህ ያንኑ 0.10 ሎት 2078 ላይ ገዛሁ። ያለ ስቶፕ ሎስ። ተናድጄ ነበር።

ዋጋው በእኔ ቻርት 2081 ነካና ወደቀ። ጠዋት ላይ እጄን ስሰጥ 2053 ላይ ነበር። 25 ዶላር በ10 አውንስ፣ 250 ዶላር። ከመጀመሪያው ጋር 280። በማግስቱ ዓርብ ወርቅ እስከ 2000 አካባቢ ወረደ። ልብ በሉ፣ ሐሳቤ ትክክል ነበር። ወርቅ ከዚያ አካባቢ ይመለሳል ብዬ ነበር፣ ተመለሰም። እኔ ግን ግማሽ አካውንቴን አጣሁ።

የሚገርመው ሌላው ነገር ነው። አንድ ጓደኛዬ ያንኑ መስመር፣ ያንኑ 2075 ላይ፣ በሌላ ብሮከር አስቀምጦ ነበር። ጠዋት ደወለልኝ።

«አንተስ ተሳክቶልሃል አይደል?» አለኝ።

«እንዴት?»

«የእኔ ትእዛዝ አልተያዘም። 2072 ደርሶ ተመለሰ። ሦስት ዶላር ብቻ ቀረው!»

እኔ ዘንድ 2081፣ እሱ ዘንድ 2072። አንድ ወርቅ፣ አንድ ሌሊት። እኔ ተመታሁ፣ እሱ ሳይገባ ቀረ። ሁለታችንም በትክክል አይተን ሁለታችንም ባዶ እጃችንን ቀረን። ብሮከሬ አታሎኛል ብዬ ብዙ ቀን ተብሰለሰልኩ። በኋላ ነው ጥያቄው ራሱ እንደተሳሳተ የገባኝ፦ የዚያን ሌሊት የወርቅ «ትክክለኛ» ጫፍ ስንት ነበር?

መልሱ አንድ ቁጥር አይደለም። እኛ በስልካችን የምናየው የስፖት ወርቅ እንደ አክሲዮን አንድ ማእከላዊ ገበያ የለውም። እያንዳንዱ ብሮከር ዋጋውን የሚያገኘው ከሚሠራባቸው ባንኮችና አቅራቢዎች ነው። ረጋ ባለ ሰዓት ልዩነቱ ሳንቲም ነው። ዜና በወጣ ጊዜ፣ ወይም የኒውዮርክ ገበያ ተዘግቶ የእስያው ገና ሲከፈት፣ ገዢና ሻጭ ስለሚሳሳ ልዩነቱ ወደ ብዙ ዶላር ይሰፋል። መስመሬን ያሰመርኩበት የኦገስት 2020 ጫፍ እንኳ አንዱ ዘንድ 2072፣ ሌላው ዘንድ 2075 ተብሎ ነው የተመዘገበው። እኔ ሦስት ዶላር ስቶፕ ሎስ ሳስቀምጥ፣ የመስመሩ የራሱ ስህተት ብቻ ሦስት ዶላር ነበር!

ሌላም አለ። ሜታትሬደር ቻርት በተለምዶ የሚስለው የመሸጫውን ዋጋ፣ ማለትም ቢድን ነው። ሸጣችሁ ከሆነ ግን ስቶፕ ሎሳችሁ የሚመታው በመግዣው ዋጋ፣ በአስክ ነው። ሌሊት ስፕሬድ ሲሰፋ ቻርቱ ላይ ዋጋው መስመራችሁን ሳይነካ ስቶፕ ሎሳችሁ ሊመታ ይችላል። «ሳይነካኝ መታኝ» እያልን የምንጮኸው አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ነው።

ደግሞ አስቡት፣ እዚያ ከፍታ ላይ የሚሸጠው ማን ነው? በ2020 በውድ ገዝቶ ሁለት ዓመት በኪሳራ የተቀመጠ ሰው «ገንዘቤ ይመለስልኝ እንጂ እወጣለሁ» ብሎ ይጠብቃል። አንዱ 2050 ላይ ነው የገዛው፣ ሌላው 2063 ላይ፣ ሌላው 2070 ላይ። እነዚህ ሰዎች ተሰብስበው አንድ ቁጥር ላይ አልተስማሙም። ትእዛዛቸው እንደ ገበያ ቀን ሰው በአካባቢው ተበትኗል። ስለዚህ ሬዚስታንስ ሰፈር ነው፣ የቤት ቁጥር የለውም።

ሰፈሩን እንዴት እንደምስለው ልንገራችሁ። ያንኑ የወርቅ ቻርት እንውሰድ፣ ከዚያ ሌሊት አንድ ቀን በፊት የነበረውን።

መጀመሪያ የቀን ቻርት እከፍታለሁ። በ15 ደቂቃ ቻርት ላይ ጫፍ መፈለግ ባሕር ላይ ሞገድ መቁጠር ነው። ከዚያ ስዊንግ ሃይ የሚባሉትን፣ ዋጋ ወጥቶ የተመለሰባቸውን ጫፎች ምልክት አደርጋለሁ። መስፈርቴ ቀላል ነው፦ የአንድ ካንድል ጫፍ ከግራው ሦስት፣ ከቀኙ ሦስት ካንድሎች ጫፍ በላይ ከሆነ ስዊንግ ሃይ ነው። ቀኙ ሦስት እስኪዘጋ ድረስ መጠበቅ ግዴታ ነው። ዛሬ የታየ ጫፍ ገና ጫፍ አይደለም።

በዚህ መንገድ ላይኛው አካባቢ ላይ ሦስት አገኘሁ፦ ኦገስት 2020 ላይ 2075፣ ማርች 2022 ላይ 2070፣ ኤፕሪል 2023 ላይ ደግሞ 2048። ሦስቱ በወራትና በዓመታት የተራራቁ ናቸው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ የተደረደሩ ሦስት ጫፎች አንድ መመለስ ብቻ ናቸው፣ እንደ ሦስት ምስክር አይቆጠሩም። በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ ምክንያት ወጥቶ እዚያው አካባቢ ሲመለስ ነው ክምችት የምንለው።

ቀጥሎ ጠርዞቹ። ለላይኛው ጠርዝ የዊኮቹን ጫፍ እወስዳለሁ፦ 2075። ለታችኛው ጠርዝ የካንድሉን አካል፣ ማለትም ቀኑ የተዘጋበትን ዋጋ አያለሁ። በ2020ው ጉዞ ከፍተኛው የቀን መዝጊያ 2063 አካባቢ ነበር። በማርች 2022 ደግሞ 2050 አካባቢ። የኤፕሪል 2023 ጫፍም ከዚያው ሥር ነው። ስለዚህ ታችኛው ጠርዝ 2050። ዞኑ ከ2050 እስከ 2075 ሆነ። በዊክና በመዝጊያ መካከል ያለው ቦታ ማለት ዋጋው ሄዶ አይቶት ሊያድርበት ያልቻለው ቦታ ነው። ዞን ስል ይህን ማለቴ ነው።

ከዚያ ስፋቱን እመዝናለሁ። መመዘኛዬ የ14 ቀን ATR ነው፣ ወርቅ በአማካይ በቀን ስንት እንደሚወዛወዝ የሚነግረን። በዚያን ሰሞን ከ20 እስከ 30 ዶላር መካከል ነበር። የእኔ ዞን ስፋቱ 25 ዶላር ነው፣ የአንድ ቀን እንቅስቃሴ ያህል። ጥሩ ነው። ዞኑ ከአንድ ተኩል ATR በላይ ከሰፋብኝ የማይገናኙ ጫፎችን በግድ አንድ ላይ አስሬያለሁ ማለት ነው፣ እሰርዘዋለሁ። በጣም ከጠበበ ደግሞ ወፍራም መስመር ስያለሁ እንጂ ዞን አልሳልኩም።

የመጨረሻው ፈተና የሌላ ብሮከር ቻርት ነው። የጓደኛዬ ቻርት ላይ የላይኛው ጠርዝ 2072 ይሆን ነበር። መስመሮቻችን ሦስት ዶላር ቢለያዩ አንዱ ይመታል፣ ሌላው ሳይገባ ይቀራል። ዞኖቻችን ሦስት ዶላር ቢለያዩ ግን አንድ ዞን ናቸው።

አሁን ወደዚያ ሌሊት እንመለስ። በዞኑ ብሠራ ኖሮ መሃል አካባቢ፣ 2062 ላይ እሸጥ ነበር። ስቶፕ ሎሱን ከላይኛው ጠርዝ በግማሽ ATR አርቄ 2088 ላይ። ዋጋው 2081 ሄዶ ይመለሳል፣ እኔም አልመታም። ጓደኛዬም 2062 ላይ ይገባ ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ 2078ን «ሰበረ» ብዬ አልገዛም ነበር፤ ምክንያቱም ከጠርዙ ሦስት ዶላር መውጣት ለዞን ምንም ማለት አይደለም። ያ ቀን የተዘጋው 2050 አካባቢ ነው፣ ዞኑ ታችኛው ጠርዝ ላይ።

ለወለሉም፣ ለሳፖርት፣ ሥራው ያው ነው፤ ጫፎቹን በግርጌዎች መተካት ብቻ ነው። በ2022 መጨረሻ ወርቅ ሦስት ጊዜ ወርዶ ተነሥቷል፦ ሴፕቴምበር መጨረሻ 1614 አካባቢ፣ ኦክቶበር 21 ቀን 1617 አካባቢ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1616 አካባቢ። «ይኸው፣ መስመር ይሠራል! ሦስት ዶላር ውስጥ ነው» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ በጣም የተጠጋጉ ናቸው። ግን መጀመሪያ በታየው 1614 ላይ መስመር አስምሮ የግዢ ትእዛዝ ያስቀመጠውን ሰው አስቡት። ሁለተኛው ጊዜ አልደረሰለትም። ሦስተኛውም አልደረሰለትም። ከዚያ በኋላ ወርቅ በስድስት ወር ውስጥ እነዚያን 2081 ድረስ ወጣ። መስመሩ ትክክል ሆኖ ባለመስመሩ ባቡሩ አመለጠው። እስከ 1620ዎቹ የሚሰፋ ዞን ያለው ሰው ግን ሁለቱንም ጊዜ ይገባ ነበር።

አሁን ወደ መራራው ክፍል ልምጣ። ዞን ሲሉኝ መጀመሪያ ያልወደድኩት ለዚህ ነው።

2062 ላይ ሸጬ 2088 ላይ ስቶፕ ካስቀመጥኩ ርቀቱ 26 ዶላር ነው። ብዙ ብሮከሮች የሚፈቅዱት ትንሹ መጠን 0.01 ሎት ነው፣ አንድ አውንስ። ስለዚህ በትንሹ መጠን እንኳ ብሳሳት 26 ዶላር አጣለሁ። ከ600 ዶላር ከአራት በመቶ በላይ ነው። በአንድ ትሬድ አንድ በመቶ ብቻ ላጣ ብል 2600 ዶላር ያስፈልገኛል። በ0.10 ሎት ደግሞ 26,000።

በሌላ አነጋገር በቀን ቻርት ወርቅ ለመሸጥ አቅም አልነበረኝም። ያቺ ቀጭን መስመር የወደድኳት ይህን ስለደበቀችልኝ ነው። «ሦስት ዶላር ስቶፕ ይበቃሃል» አለችኝ፣ በ600 ዶላር 0.10 ሎት አሸከመችኝ። መስመሯን ያቀጠንኳት የኪሴን ልክ እያየሁ ነው፤ ገበያው ግን ስለ ኪሴ የሚያውቀው ነገር የለም። ዞን ሲሳል የመሳሳት እውነተኛ ዋጋው ይታያል። አንዳንዴ ዋጋው «አትግባ» ነው።

ለእህቴ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። ድምፅ ላኩላትና «ከሰርኩ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት። ረጅም ሰዓት ዝም ብላ «ሌሊት ሌሊት ነው የምትሠራው?» ብላ መለሰችልኝ። ሌላ አላለችም። ገንዘቧን ከደሞዜ እየቆረጥኩ በሰባት ወር መለስኩ። ከዚያ ወዲህ የሰው ገንዘብ አልነካም።

ዞንም ቢሆን ይከዳል፣ እንዴት እንደሚከዳ ካላወቃችሁ። ሁለት ነገር ልንገራችሁና ላብቃ።

አንደኛው ዞኑን እየጎተቱ ማስፋት ነው። ከዚያ ሌሊት በኋላ የላይኛውን ጠርዝ ወደ 2080 አሳድጌዋለሁ፣ አዲስ ጫፍ ስለተጨመረ። ግን ያደረግኩት ዋጋው ከሄደ በኋላ፣ ምንም ክፍት ትሬድ ሳይኖረኝ ነው። ትሬድ ውስጥ ሆኖ «ዞኑ እኮ እስከ 2095 ነው» ማለት ኪሳራን በቀለም መሸፈን ነው። ዲሴምበር 4 ቀን 2023 ለሰኞ አጥቢያ ገበያው እንደተከፈተ ወርቅ ከ2130 በላይ ተወርውሮ ያን ቀን 2030 አካባቢ ተዘጋ። ያን ዊክ ዞኑ ውስጥ ላስገባው? አላስገባሁትም። ከሌሎቹ ከ50 ዶላር በላይ ርቆ ብቻውን የቆመ ጫፍ ነው፤ ክምችት በአንድ ጫፍ አይሠራም። ግን አልዋሻችሁም፣ በዚያን ሌሊት ዞኑ ውስጥ ሸጦ ስቶፕ ሎሱን 2090 አካባቢ ያስቀመጠ ሰው ተመትቷል። ዞን ስህተትን ይቀንሳል እንጂ ከእንዲህ ያለ ሌሊት አያድንም። የሚያድነው መጠን ማሳነስ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ዞኑ ሲያልቅ አለማመን ነው። ማርች 1 ቀን 2024፣ ዓርብ፣ ወርቅ 2082 አካባቢ ተዘጋ። ከጠርዙ ትንሽ በላይ ብቻ ነው፣ አልቸኮልኩም። ሰኞ 2114 አካባቢ ተዘጋ። እዚህ ላይ ጉዳዩ አበቃ፦ ሁለት የቀን መዝጊያ ከዞኑ ውጪ፣ ሁለተኛው ከግማሽ ATR በላይ ርቆ። የእኔ መስፈርት ይህ ነው። ዊክ ሲያልፍ ተሰበረ አልልም፣ ቀን ውጪ ሲያድር ነው የምለው። ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ወርቅን የመለሰ ሰፈር ያኔ ተለቀቀ። «ተመልሶ ዞኑን ይነካና እገዛለሁ» ብለው የጠበቁ ነበሩ። አልተመለሰም። እኔም ጠብቄ አመለጠኝ። ደኅና ነኝ፣ ያመለጠ ትሬድ ደሞዜን አልቆረጠም።

ዛሬም ቻርቴ ላይ ከሦስት ዞን በላይ አልስልም፦ አንድ ከላይ፣ አንድ ከታች፣ ቢበዛ አንድ መሃል። ቻርቱን ሁሉ ቀለም ካለበስኩት ዋጋው የት ቢቆም «ዞን ላይ ነው» ማለቴ አይቀርም።

እስቲ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉ። ቻርታችሁ ላይ በጣም የምታምኑባትን አንዲት መስመር ምረጡ። በሌላ ብሮከር ቻርት ላይ ያንኑ ጫፍ ፈልጉና ልዩነቱን ጻፉ። ከዚያ ያን ልዩነት ከስቶፕ ሎሳችሁ ርቀት ጋር አስተያዩት። ያገኛችሁትን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ አብረን እናየዋለን።

ደኅና እደሩ።